ጎማው በየት በኩል ተበላ?

«ይህ መኪና ጎማ ይበላል» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ጎሚስታዎችና ጋራዦች ዘንድ በየቀኑ ይሰማል። ባለመኪናው በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ይገዛል፤ ጥፋቱን አንዴ በመንገዱ፣ አንዴ በቻይና ጎማ፣ አንዴ በሾፌሩ ላይ ይጥላል። አሮጌው ጎማ ተፈትቶ እዚያው ጎሚስታው ደጃፍ ይቀራል። መኪናው ለምን ጎማ እንደሚበላ የሚናገረው ግን ያ ተፈትቶ የተጣለው ጎማ ነው። ጥርሱ የት እንዳለቀ፣ የት እንደተረፈ፣ በእጅ ሲዳሰስ በየት በኩል እንደሚቆረቁር ላወቀ ሰው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ አለ። ስለዚህ አዲስ ጎማ ከመግዛት በፊት አሮጌውን ማንበብ ይቀድማል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያና የገዛ እጅ ብቻ ነው።

የአዲስ የቤት መኪና ጎማ የጥርስ ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ወለል ላይ፣ ዙሪያውን እየተራራቁ፣ ከፍ ያሉ ትንንሽ የጎማ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ጨርሷል። እኛ የምንፈልገው ግን መጨረሱን ሳይሆን አጨራረሱን ነው። ስለዚህ ጥልቀቱን በሦስት ቦታ ይለኩ፦ በውጭው ጠርዝ፣ በመሀል፣ በውስጠኛው ጠርዝ። ውስጠኛው ጠርዝ ከሞተሩ በኩል ያለውና ቆሞ የማይታየው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መሪውን ወደ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ማቆም የፊቱን ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ያወጣዋል። የኋላውን ግን ጎንበስ ብሎ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ልኬቱ በሦስቱም ቦታ ተቀራራቢ ከሆነ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ጎማው አርጅቶ ማለቁ ነው። ካልሆነ ንባቡ ይጀምራል።

ቀላሉን እናስቀድም። መሀሉ ብቻ ተበልቶ ሁለቱ ጠርዞች ከተረፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የበዛ ነፋስ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሀሉ ይነፋና ክብደቱን እሱ ብቻ ይሸከማል። በተቃራኒው ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሀሉ ከተረፈ ነፋሱ አንሷል፤ ጎማው ስለተኛ መሀሉ ወደ ላይ ሸሽቶ ጭነቱ በጠርዞቹ ላይ ወድቋል። ነፋሱ ልክ ሆኖ ጭነቱ ከበዛም ውጤቱ ያው ነው፤ ጎማው የሚያውቀው በነፋሱና በጭነቱ መካከል ያለውን ሚዛን ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ትልቁ የነፋስ ቁጥር፣ ለምሳሌ 44 ወይም 51 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ ለመኪናው የታዘዘ ልክ አይደለም። የታዘዘው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ከጃፓን በመጡ መኪናዎች ላይ ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው አይቶት ያልፈዋል። 230 ኪሎ ፓስካል ማለት 2.3 ባር፣ በጎሚስታው መለኪያ ደግሞ 33 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። ልኬቱም መኪናው አድሮ ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ የሚወሰድ ነው።

ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ነፋስ ይቀነስልን ሲሉ ይሰማል። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። በጠዋቱ ብርድ አዲስ አበባ ላይ 33 የተነፋ ጎማ አዋሽ ሲደርስ በአየሩ ሙቀት ምክንያት ወደ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የውጭው አየር ግፊት ከፍ ስለሚል ደግሞ በመለኪያው ላይ 2 ያህል ይቀንሳል። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ግን ሲቀዘቅዝ የሰነፈ ጎማ ማግኘት ነው፤ ጠርዞቹን የሚያስበላውም ይሄ ነው።

የነፋስ ጉዳይ እንዲህ ቀላል ቢመስልም ሁለት ማሳሰቢያ አለው። ጎማው ለቸርኬው ከሚገባው በላይ ሰፊ ከሆነ ነፋሱ ልክ ሆኖም መሀሉ ሊበላ ይችላል። በከተማ ውስጥ ጠባብ መታጠፊያና አደባባይ ሲዞር የሚውል የታክሲ የፊት ጎማም ነፋሱ ልክ ሆኖ ጠርዞቹ ቀድመው ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ነፋሱን በራስ መለኪያ ለጥቂት ሳምንታት መከታተል ይበጃል። ጎማን በእግር መትቶ ወይም በመዶሻ አንኳኩቶ «ልክ ነው» ማለት ልኬት አይደለም።

ነገሩ የሚከብደው አንዱ ጠርዝ ብቻ ሲበላ ነው። ይህን ነፋስ አያመጣውም። ነፋስ የሚበላው ወይ መሀሉን ነው ወይ ሁለቱን ጠርዞች እኩል ነው። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ጎማው በመንገዱ ላይ የቆመበት አቋቋም ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የሚበላሸውም በዋናነት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ካምበር የሚባለው ነው። መኪናው ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለ ከሆነ ክብደቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። አናቱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ውስጠኛው ጠርዝ ያልቃል፤ ወደ ውጭ ካዘነበለ ውጨኛው። ስፕሪንግ ሲደክምና መኪናው ሲወርድ፣ ወይም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሸካሚው ብረት ሲጣመም ይህ ይመጣል። ሁለተኛው ቶ የሚባለው ነው። መኪናውን ከላይ ሆነው ቢያዩት ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው ወይም ለዚያ የቀረቡ። ፊታቸው ወደ ውስጥ ከተጠጋጋ ቶ ኢን፣ ወደ ውጭ ከተራራቀ ቶ አውት ይባላል። በዚህ ጊዜ ጎማው ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ መኪናው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ጎማው በእያንዳንዱ ሜትር ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋቃል።

ሁለቱም አንድ ጠርዝ ስለሚበሉ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። እጅ ግን ይለያቸዋል። በካምበር የተበላ ጠርዝ ሲዳሰስ ልስልስ ነው፤ ወደ የትኛውም ጎን ቢዳሰስ ያው ነው። በቶ የተበላው ግን እያንዳንዱ የጥርስ ረድፍ በአንድ ጎኑ ተከርክሞ ክብ ብሎ በሌላው ጎኑ ስለት አውጥቶ ይገኛል፤ ጎማው በጠቅላላ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ይሆናል። በአንድ አቅጣጫ ሲዳሰስ እጅ ይንሸራተታል፣ በመልሱ ይቆረቁራል። መካኒኮች «ጎማው ጥርስ አውጥቷል» ቢሉዎት ይህን ይሆናል የሚሉት።

የመቆርቆሩ አቅጣጫ ደግሞ የቶውን ዓይነት ይናገራል። መዳፍዎን ጎማው ላይ ዘርግተው ከውስጠኛው ጠርዝ ወደ ውጨኛው ይሳቡት። እዚህ ላይ ከቆረቆረ፣ በመልሱ ግን ከለሰለሰ ቶ ኢን ነው፤ ውጨኛው ጠርዝም አብሮ ቀድሞ አልቆ ያገኙታል። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲስቡት ከቆረቆረ ቶ አውት ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀውም ውስጠኛው ጠርዝ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል። ቶ ኢን የሆነ ጎማ ወደ ውስጥ እያየ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ መሬት ላይ ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ነው። ስለዚህ የየረድፉ የውጭ ጎን መሬቱን እየገፋ ይፋቃል፤ የውስጡ ጎን ደግሞ ተከትሎ የሚጎተተው ስለሆነ ስለታም ሆኖ ይቀራል። ሲዳስሱ ጓንት ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ያለቀ ጎማ ሽቦው ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ምልክት አለ፤ እኔ ከሁሉ የምተማመንበትም እሱ ነው። የካምበር ጥፋት የሚበላው ጥፋቱ ያለበትን ጎማ ብቻ ነው። የፊት ቶ ጥፋት ግን ከአንድ ወገን ቢመጣም ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ይበላል። ምክንያቱም ሁለቱ ጎማዎች በመሪው በኩል የተያያዙ ናቸው፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሾፌሩ ሳያውቀው መሪውን ትንሽ ያዞርና ጥፋቱን ለሁለቱ እኩል ያካፍላል። ስለዚህ አንድ የፊት ጎማ ብቻ ለስልሶ ከተበላ ያ ጎማ የተሰቀለበትን ብረት ይጠርጥሩ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ተመሳሳይ ጠርዛቸው አልቆ ሁለቱም በተመሳሳይ አቅጣጫ ከቆረቆሩ ደግሞ ቶ ነው፤ መሪው ቀጥታ መንገድ ላይ ጋደል ብሎ ከቆመ ጥርጣሬው ይጸናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቪትዝ ላይ የደረሰው ይህን በደንብ ያሳያል። አዲስ የፊት ጎማ አስገብቶ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ውጨኛው ጠርዝ ጉብታዎቹ ላይ ደረሰ። ጎሚስታው «ነፋስ ሳታስሞላ ነድተህ ነው» አለው፤ ባላንስም አሠራ፤ ለውጥ የለም። ጥልቀቱን ስንለካ በሁለቱም የፊት ጎማዎች ላይ ውጨኛው ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሀሉ 5፣ ውስጠኛው ደግሞ ከ5 ትንሽ በለጥ ይል ነበር። ይህ ብቻውን የነፋሱን ክስ ውድቅ ያደርገዋል፤ ነፋስ ቢያንስ ኖሮ ውስጠኛውም ባለቀ ነበር። በሩ ላይ የተጻፈው 230 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ጎማው ሲለካ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እጃችንን ከውስጥ ወደ ውጭ ስንስብ በሁለቱም ጎማ ላይ ቆረቆረን። ቶ ኢን። መሪውም ቀጥታ መንገድ ላይ በትንሹ ወደ ቀኝ ጋደል ይል እንደነበር ሲጠየቅ ትዝ አለው።

ወደ አላይመንት ከመውሰዳችን በፊት ግን አንድ ነገር መታየት ነበረበት። የላላ ዕቃ ያለበት መኪና ዛሬ ቢስተካከል ነገ ይበላሻል። ፊቱን በክሪክ ከፍ አድርጎ ከታች አስተማማኝ ድጋፍ ካደረጉለት በኋላ ጎማውን ግራና ቀኙን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ነው። ክፍተት ካለው ታይሮድ ወይም ጫፉ፣ ማለትም ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ አርጅቷል። ላይና ታቹን ይዞ ሲነቀነቅ ክፍተት ካለው ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው፤ ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ። የቪትዙ ሁሉም ጠባቂ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም የቀኙ ታይሮድ ጫፍ አዲስ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ከመቀየሩ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጋራዥ ያንን ጫፍ ቀይሮለት ነበር፤ አላይመንት ግን አላሠራም። ጫፉ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ስለሆነ አሮጌው ስንት ዙር እንደነበረ ቆጥሮ ካልሆነ በግምት ይገባል። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ መኪና ላይ አንድ ሙሉ ዙር ማጉደል ወይም ማብዛት ቶውን በብዙ ሚሊ ሜትር ያዛባል። አላይመንት ማሽን ላይ ሲወጣ ሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 6 ሚሊ ሜትር ቶ ኢን ሆነው ተገኙ፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የታዘዘው ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። የቀኙ ታይሮድ ተስተካከለ፣ መሪውም ቀና።

6 ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። ለእያንዳንዱ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ የቪትዝ ጎማ ከፊት እስከ ኋላ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ለ600 ማለት 5 ለ1000 ነው፦ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው 5 ሜትር ወደ ጎን ይገፋል ማለት ነው። በ15 ሺህ ኪሎ ሜትር 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ላስቲኩ እየተለጠጠ የተወሰነውን ስለሚችለው ሁሉም መፋቅ አይሆንም፤ ቢሆንም ጎማው ወደ ጎን ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ እንደተጎተተ አስቡት።

ንባቡን የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ዋናው ማዟዟር ነው። ጎማው ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ተዟዙሮ ከነበረ የሚታየው የአሁኑ ቦታው ሳይሆን የቀድሞው ሥራ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም አንድ ጠርዝ ሲያልቅ ጎሚስታው ጎማውን ቸርኬው ላይ ገልብጦ ይገጥመዋል፤ ያኔ ውጭ የነበረው ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ከማንበብ በፊት «ይህ ጎማ መቼ፣ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወደፊት ግን ሲፈታ በጠመኔ «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብሎ መጻፍ ብዙ ውጣ ውረድ ያስቀራል። ማዟዟር ራሱ ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥፋቱን ሳያስጠግኑ ማዟዟር ግን አራቱንም ጎማ በተራ ማስበላት ነው።

ሌላው የሚያምታታው ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን በጎማው መሽከርከሪያ አቅጣጫ ሲዳሰስ የሚቆረቁር አበላል ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ ይሆናል። ይህ ጥርሳቸው ተለያይቶ በተቆረጠ ጎማዎች ላይ፣ በተለይ ጉልበት በማይደርሳቸው ጎማዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ሳይብስ ማዟዟር ይበቃዋል እንጂ አላይመንት አይፈልግም። ጎማው ዙሪያውን እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ነው የሚመለከቱት፤ ይህ ሌላ ርዕስ ነው።

የኋላ ጎማዎችም ቶ አላቸው። ብዙ ትንንሽ መኪናዎች ላይ የኋላው አክስል የሚስተካከልበት ቡሎን የለውም፤ የኋላ ጎማ ጠርዝ ከተበላና ከቆረቆረ አክስሉ ተጣሟል ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ የጠርዝ ድንጋይ መምታት ለዚህ ይበቃል። የፊቱን ብቻ የሚለካ አላይመንት ይህን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ አራቱንም ጎማ የሚለካ ቦታ ይሂዱ፣ ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ የወጣውን የልኬት ወረቀት ይጠይቁ። «ተስተካክሏል» ብሎ ወረቀት የማይሰጥ ሠራተኛ ምን እንዳስተካከለ እርስዎ የሚያውቁበት መንገድ የለም። ታይሮድ፣ ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ዕቃ በተቀየረ ቁጥርም በዚያው ሳምንት አላይመንት ያሠሩ።

ከተስተካከለ በኋላ አሮጌውን ጎማ እዚያው ትተው የሚነዱ ከሆነ አንድ ነገር ይጠብቁ። መጋዝ የሆነው ጥርስ ወዲያው አይጠፋም፤ አስፋልት ላይ ሲፈጥኑ የሚሰማው ኡምታ ለጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይቀጥላል። ይህን ሰምተው ጥገናው አልሠራም ብለው መኪናውን ደግመው ለማስተካከል አይውሰዱት፤ መጀመሪያ ጥልቀቱን እንደገና ለክተው ይመዝግቡና ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያወዳድሩ። ውጨኛው ጠርዝ ከመሀሉ ጋር እኩል እየተቀነሰ ከሆነ ጥፋቱ ተወግዷል።